አትንኩ ያልኩት ቁልፍ

አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጡ የሰንበት ትምህርት ቤታችን በጎ ፈቃደኞች የጻፍኩት መመሪያ ሁለት ገጽ ነው። ረዘመ ብሎ የሚያጉረመርም ካለ ሦስት አደርገዋለሁ። ኮልፌ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰርግ ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ ካሴት እንዴት እንደሚያረጅ እኔን የሚያስተምረኝ የለም።

«ነጭ ሻጋታ ያያችሁበትን ካሴት ማጫወቻው ውስጥ እንዳትከቱ» ይላል መመሪያዬ። «በስህተት እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ። ከማጫወታችሁ በፊት እስከ ዳር አሽከርክራችሁ መልሱት። መጀመሪያ ምንም ያልተነካውን ቅጂ ኮምፒውተር ላይ አኑሩ፤ ማሳመር ያማረው ሰው የቅጂውን ቅጂ ያሳምር።» አምስተኛውን በቀይ ጽፌዋለሁ፦ «የማጫወቻው የድምፅ መምረጫ ቁልፍ ‹ኖርማል› የሚለው ላይ ነው። አትንኩ።»

በላይነሽ የ1986 ሰርጓን ካሴት ይዛ የመጣች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። እሷ፣ እኔ፣ ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠችው በጎ ፈቃደኛዋ ናዝራዊት። ያን ሰርግ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ናዝራዊት በመመሪያዬ መሠረት አንድም ሳታጎድል ቀዳችው። ከዚያ በቅጂው ቅጂ ላይ ምስል የሚያጠራውን ሶፍትዌር ሞከረችበት። የሙሽሪት አባት አቶ መሸሻ ፊታቸው እንደ ሳህን ለስልሶ ብቅ አለ፤ ጥርሳቸውም ሙሉ ሆነ።

«እሳቸው አይደሉም» አለች በላይነሽ። «አባዬ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም።»

ናዝራዊት ደንግጣ ወደ ዋናው ቅጂ መለሰችው። በላይነሽ የመጣችለት ትዕይንት ደረሰ፤ ተደፍታ የአባቷን ጉልበት ስትስም። የአባትየው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ዘፈን ነው።

«እዚህ ጋ ጮኹብኝ» አለች። «በእልልታው ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ብቻ ጮኹ። በሦስተኛው ወር ሞቱ። ትዳሩን አልወደዱትም ነበር። መርቀውኝ ይሁን ረግመውኝ ሳላውቅ ይኸው አረጀሁ።»

«በአንቺ ላይ አይደለም የጮኹት፤ በእኔ ነው» አልኳት። «በሰርገኛ ፊት አዋረዱኝ ብዬ በንዴት ድምፃቸው ላይ ዘፈን አለበስኩበት። ምርቃቱም አብሮ ሄደ። እውነቴን ነው።»

«ደግ ነዎት፣ ጋሽ ባምላኩ» አለችኝ፤ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ሊያጽናኑኝ ነው።»

ሠላሳ ዓመት የደበቅሁትን ብናዘዝ ማጽናኛ ተባለብኝ! የእጄን ነው ያገኘሁት።

ናዝራዊት ዘፈኑን ከንግግር የሚለየውን ሶፍትዌር አስነሳች። ሥር የተቀበረ ድምፅ ቢኖር ኖሮ ያወጣው ነበር፤ ዘፈኑን ሲያነሳው የቀረው ሽሽ የሚል ባዶ ድምፅ ነው። ልጅቱ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ጋሼ፣ ያ ቁልፍ የማይነካው ለምንድን ነው?»

«ጽፌዋለሁ አይደል?»

«አትንኩ ይላል እንጂ ለምን አይልም።»

«ካሴት ላይ ድምፅ ሁለት ቦታ ነው የሚጻፈው» አልኳት በቁጣ። «አንዱ ጠርዙ ላይ፣ አንዱ ከሥዕሉ ሥር። የሥሩ ጥራት አለው፤ ካሴቱ ሲያረጅ ግን እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ስለዚህ የጠርዙን...»

ድንገት ትዝ አለኝ። ያኔ ዘፈን ስጨምር ማሽኑ የሚያጠፋው የጠርዙን ብቻ ነበር። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ሥዕሉን ሳያጠፋ ሊነካው አይችልም። ሰው ቤት የነበረው ማጫወቻ ደግሞ የጠርዙን ብቻ ስለሚያነብ፣ ዘፈኑ ሁሉን የሸፈነው መስሎን ኖርን። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቅሁ በቀይ እስክሪብቶ ቆለፍኩት።

ካሴቱን መልሰን ከተትን። ቁልፉን ራሴ የሥሩን ድምፅ ወደሚያነበው ‹ሃይፋይ› አዞርኩት።

መጀመሪያ መንጣጣት፣ ከዚያ እልልታ መጣ። ከዚያ የአቶ መሸሻ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«አንተ ባለካሜራ! መብራቱን ከልጄ ፊት አንሣ! እንባዋን ለአገር ልታሳይ ነው?»

ከዚያ ዝቅ ብለው፦ «ቀና በዪ ልጄ። እኔ የፈራሁት እንዳትጎጂብኝ ነው። ውለጂ፣ ክበጂ። ከከፋሽም ደጄ አይዘጋም።»

በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ? መመሪያዬን ከኪሴ አውጥቼ አምስተኛውን ሰረዝኩና «ሁለቱንም አዳምጡ፤ ሁለቱንም ቅዱ» ብዬ ጻፍኩበት።

ናዝራዊት ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «እትዬ በላይነሽ፣ መንጣጣቱን ልቀንሰው፤ ቁጣውንም ቆርጬ ምርቃቱን ብቻ ላስቀርልዎት?»

«መንጣጣቱን እንደፈለግሽ» አለች በላይነሽ። «ቁጣቸውን ግን እንዳትነኪብኝ።»