ሬዲየሱ ሦስት ሲሆን

መርዋ በሒሳብ ሃምሳ ስምንት አገኘች። ትምህርት ቤቷ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ናቹራል ሳይንስ ለሚገባ ተማሪ በሒሳብ ስድሳ ይጠይቃል። በሃምሳ ስምንትና በስድሳ መካከል ያለው ልዩነት ለሌላ ሰው ሁለት ነው። ለመርዋ ግን በአንደኛው በኩል ፋርማሲ፣ በሌላኛው በኩል የአባቷ ሱቅ ነበር።

አባቷ ሀይረዲን አቃቂ በሰቃ ውስጥ ሮቶ፣ ባልዲና ጀሪካን ይሸጣል። ውጤቱን ሲሰማ፣ "ምን ችግር አለው? ሶሻል ግቢና አካውንቲንግ ተምረሽ ሱቁን ትይዥልኛለሽ" አላት። ያለው ሊያጽናናት ብሎ ነው። ማጽናኛው ራቷን አስተዋት።

የጎደሏትን ያሳጣት ጥያቄ አንድ ነው፤ አራት ማርክ ይይዛል። "ሬዲየሱ 3 ሜትር የሆነ ሉል ቅርጽ ያለው ታንከር ስንት ውሃ ይይዛል?" ይላል፤ መልስ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ባዶ መስመር፣ ከመስመሩ ቀጥሎ "ሜትር ኪዩብ" የሚል የታተመ ቃል አለ። መርዋ መስመሩ ላይ 36π ብላ ጻፈች። ቲቸር ወንድዬ በቀይ ኤክስ አደረገባትና ከጎኑ 113.04 ብሎ ጻፈ። በሠላሳ ስድስትና በፓይ መካከል ማባዛት እንዳለ ያውቃል፤ ማባዛቱን ያልጨረሰ ሰው ግን ለእሱ ያልሠራ ሰው ነው።

መርዋ ቅሬታ አቀረበች። ለከሰዓት ተቀጠረች።

ከሒሳብ ዲፓርትመንት በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ጓደኛዋ ሉላ አብራት ተቀመጠች። ሉላ ስድሳ አንድ ስላላት ከመርዋ ይልቅ ተረጋግታ ነበር።

"እኔ አባዝቼ ነው የጻፍኩት" አለች ሉላ። "ምን አስቸገረሽ? በሦስት ነጥብ አንድ አራት ማባዛት እኮ ነው።"

"ጥያቄው አባዢ አላለም።"

"አታባዢም አላለም።"

"እሱን ነው እንግዲህ የምነግራቸው።"

"ቆይ፣ የሠራሽበትን አሳይኝ።"

መርዋ የጥያቄውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ገለበጠች። መልስ የሚሰበሰበው በሌላ ወረቀት ስለሆነ ጥያቄው ከነጀርባው እሷ ጋ ቀርቷል። ሉላ አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

"አራት ፓይ አር ስኩዌር? እኔ እኮ አራት ሦስተኛ ፓይ አር ኪዩብ ነው የተጠቀምኩት።"

"እና ስንት መጣልሽ?"

"ሦስት ኪዩብ ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት በአራት ሲባዛ፣ ለሦስት ሲካፈል... ሠላሳ ስድስት ፓይ።"

መርዋ ወረቀቷን አየች። ሦስት ስኩዌር ዘጠኝ፣ ዘጠኝ በአራት ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስድስት ፓይ። ሁለቱም ያው ናቸው። ለአፍታ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ገባት። አራት ፓይ አር ስኩዌር የሉሉ የውጭ ገጽታ ነው። ታንከሩ ስንት ውሃ ይይዛል ተብላ፣ እሷ ስንት ቀለም ይፈጃል የሚለውን ነው የመለሰችው።

"ሉላ፣ እኔ ታንከሩን አልሞላሁትም። ቀባሁት።"

"ዝም በያ!" አለች ሉላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ማን አየሽ? መስመሩ ላይ ያለው ሠላሳ ስድስት ፓይ ነው። ያንን ወረቀት አጣጥፊና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ።"

በሩ ተከፈተና መርዋ ተጠራች። ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘችው እንጂ ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት መምህራን ነበሩ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጋሽ ገብረጻድቅ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው የሚያስቡ ሰው ናቸው። ወንድዬ ጥያቄውን ያወጣው ነው። ዕፀገነት ሌላኛውን ሴክሽን ታስተምራለች፤ ለቅሬታው ገለልተኛ ሆና ትፈርም ዘንድ ተጠርታለች። ገለልተኛነቷ ግን ክርክሩ እስኪጀመር ነበር።

"ፓይን ይዞ የሚቆም መልስ፣ መልስ አይደለም" አለ ወንድዬ። "ሱቅ ሄደሽ ሁለት ፓይ ኪሎ ስኳር ስጡኝ ትያለሽ?"

"ሱቅ ሄደህ ሉል ቅርጽ ያለው ታንከርስ ትጠይቃለህ?" አለች ዕፀገነት። "ሠላሳ ስድስት ፓይ ትክክለኛው ነው። አንድ መቶ አሥራ ሦስት ነጥብ ዜሮ አራት ግን ግምት ነው። ፓይን ሦስት ነጥብ አንድ አራት አድርጉ ብለህ ካላዘዝክ፣ ፓይን ትቶ መሄድ መብቷ ነው።"

"ክፍል ውስጥ ነግሬያለሁ።"

"ፈተናው ላይስ?"

ወንድዬ ፈተናውን ገለጠ። አዘውትሮ የሚጽፋት መመሪያ አልነበረችም። ሌላ ገጽ ላይ ያለች ይመስል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለበጠ።

ጋሽ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥያቄው ግምት ካልጠየቀ ፓይ ባለበት ይቀመጣል። ያልታዘዘ ሰው ለምን አልታዘዝክም አይባልም። አራቱ ማርክ ይሰጣት።" መነጽራቸውን መልሰው ማስተካከያውን ለመጻፍ እስክሪብቶ አነሡ።

መርዋ ቆማ ነበር። ስድሳ ሁለት የሚባለው ቁጥር እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ደርሷል። ከበሩ ውጭ ሉላ አለች፤ አቃቂ በሰቃ ደግሞ አባቷ አለ። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ጋሽ ገብረጻድቅ "መ" የሚለውን ፊደል ጽፈው ነበር።

"ቲቸር" አለች። "ፎርሙላው ግን ልክ አይደለም።"

እስክሪብቶው ቆመ። ወረቀቱን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "የሠራሁት በገጽታ ስፋት ነው። የተጠየቅነው ይዘት ነው።"

ወንድዬ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ይኸው! ይኸው እኮ! እኔ ምን አልኩ?"

"አንተ ያልከው ስለ ፓይ ነበር" አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

ወንድዬ ወረቀቱን አነሣ። አራት ፓይ አር ስኩዌርን አየ፣ ቀጥሎ ሠላሳ ስድስት ፓይን አየ፣ ከዚያ የራሱን መልስ አየ። ደስታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ለዕፀገነት ከእሱ ቀድሞ ገብቷታል።

"ሬዲየሱን ሦስት አደረግከው" አለች። "ሦስት ሲሆን የሉል ይዘትና የሉል ገጽታ በቁጥር እኩል ናቸው። ማን በየትኛው እንደሠራ በምን ታውቃለህ?"

"ቀላል ቁጥር ይሁንላቸው ብዬ ነው።"

"በጣም ቀለለላቸው።"

ውጭ በአቅራቢያው ወዳለ መጋዘን የሚገባ ሲኖትራክ ጡሩንባውን ነፋ። ጋሽ ገብረጻድቅ "መ" ብለው የጀመሩትን ወረቀት ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

"ልጅቱ በፓይ ረታለች" አሉ። "በፎርሙላው ተረታለች፤ እሱንም ራሷ ባትነግረን አናውቅም ነበር። አሁን የምታውቀውን በሌላ ጥያቄ እንይ። ወንድዬ፣ አንድ አውጣ።"

ወንድዬ ክብሩን መልሶ ለማግኘት ፈጠነ። "ሲሊንደር። ሬዲየሱ ሁለት።"

"ሁለት ከሆነ የጎኑ ስፋትና ይዘቱ በቁጥር አንድ ነው" አለች ዕፀገነት። "ቁመቱ የፈለገውን ይሁን። ሁለት ፓይ አር ኤች፣ ፓይ አር ስኩዌር ኤች። ሁለትን አስገባበትና እየው።"

ወንድዬ አስገባበት። "እሺ ኮን ይሁን። ሬዲየሱ ስድስት፣ ቁመቱ ስምንት። ዘንበል ያለው ጎን ቆንጆ ሆኖ አሥር ይወጣል።"

ዕፀገነት ወረቀት ላይ ትንሽ ሠራችና ሳቋን በእጇ ሸፈነች። "ይዘቱ ዘጠና ስድስት ፓይ። ከነመቀመጫው ገጽታውም ዘጠና ስድስት ፓይ። ወንድዬ፣ ቁጥሮቹን ማን ነው የሚመርጥልህ?"

"መጽሐፉ!" አለ ወንድዬ።

ጋሽ ገብረጻድቅ በመስኮቱ ከትምህርት ቤቱ ጎን ወዳለው ፋብሪካ ግቢ ተመለከቱ። ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ትልቅ የብረት ታንከር ከአጥሩ በላይ ይታያል። "ያቺ ትሁን" አሉ። "ሬዲየሷ ስምንት ሜትር። የሲሊንደሩ ቁመት ዘጠኝ። የጣሪያው የኮኑ ቁመት ስድስት። መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ውሃ ትይዛለች። ስንት ላሜራ ፈጀች?"

መርዋ ተቀምጣ ሥዕል ሣለች። ላሜራ ስለተባለ ይዘት አይደለም፤ ይሄ አሁን ግልጽ ነው። የተዘጋ ሲሊንደርን ፎርሙላ ጻፈች። ከሥሩ የኮንን ከነመቀመጫው ጻፈች። ደምራ መስመር ልታሰምር ስትል እጇን አነሣች።

"ቲቸር፣ በሲሊንደሩና በጣሪያው መካከል ላሜራ አለ እንዴ?"

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"አባቴ የሚሸጠው ሮቶ ውስጥ የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ክፍት ነው።"

"እንግዲያስ?"

የሲሊንደሩን ክዳን ሰረዘች። የኮኑንም መቀመጫ ሰረዘች። ወለሉን ልትሰርዝ ብላ ተወችው፤ ያለ ወለል ውሃ አይያዝም። ኮኑ ላይ ስድስትን ልታስገባ ነበር። ስድስት ግን ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቁመት ነው፤ ላሜራው የሚለብሰው ዘንበል ያለውን ነው። ስምንት ስኩዌርን ከስድስት ስኩዌር ጋር ደመረችና ሥሩን አወጣች፤ አሥር። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ ወለል 64π፣ ጎን 144π፣ ጣሪያ 80π። ድምር 288π ካሬ ሜትር።

ወንድዬ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ይከታተል ነበር። "ፓይውስ? አሁንም ልትተዪው ነው?"

"ላሜራውን የሚቆርጥ ሰው ከጠየቀ አባዝቼ እነግረዋለሁ" አለች መርዋ። "ቲቸር ገብረጻድቅ ግን ግምት አልጠየቁም።"

"እኔ ጠየቅኩ። ስንት ነው?" ወንድዬ ራሱ ወረቀት ላይ አባዛው። "ዘጠኝ መቶ አራት ነጥብ ሦስት ሁለት።"

"ዘጠኝ መቶ አራት ነጥብ ሰባት ስምንት" አለች ዕፀገነት ከስልኳ ላይ።

"ሦስት ሁለት ነው የሚለው።"

"ያንተ ፓይ አጭር ስለሆነ ነው። የስልኬ ረጅም ነው።"

"ታዲያ የትኛው ነው ልክ?" አለ ወንድዬ። ሁለቱም በመርዋ ወረቀት ላይ ወዳለው 288π ተመለከቱ።

ጋሽ ገብረጻድቅ የገፉትን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡና "መ" ካሉበት ቀጥለው "ርዋ ሀይረዲን፣ ስድሳ ሁለት" ብለው ጻፉ። ቀጥሎ "ምክንያት" የሚል ቦታ መጣ። እዚያ ላይ ቆሙ። መልሷ ልክ ነበር እንዳይሉ በተሳሳተ መንገድ የመጣ ነው። ተሳስታ ነበር እንዳይሉ ማርክ እየሰጧት ነው።

"ወንድዬ፣ ምን ልበል?"

ወንድዬ ጥቂት አሰበ። ግንባሩን አሸ። "ሬዲየሱ ሦስት ስለሆነ ይበሉ" አለ።

እንደዚያው ጻፉና ፈረሙ። ዕፀገነትም ፈረመች። ወንድዬ ግን ከመፈረሙ በፊት ተነሥቶ ከመደርደሪያው የክፍሉን የመልስ ወረቀቶች እሥር አወረደና ፈታው። 36π ብለው ጽፈው ቀይ ኤክስ ያገኙ ሌሎችም ነበሩ። የመጀመሪያውን አገኘና ለየው፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

"እኔ ልሂድ ቲቸር?" አለች መርዋ።

"ሂጂ" አለ ወንድዬ፣ ቀና ሳይል። "ስትወጪ ስማቸው እዚህ ወረቀቶች ላይ ያለውን ልጆች ጥሪልኝ። የጥያቄ ወረቀታቸውን ይዘው ይምጡ። ጀርባውን ማየት እፈልጋለሁ።"