የአመልካቿ ምክንያት

ቺዙሩ ኩሳካ የቤተሰብ ፍርድ ቤቱ መስኮት ፊት ስትቆም እግሯ ከማለዳው ሥራ ገና አላረፈም። ከንጋት ጀምራ በወረዳው ማእድ ቤት የስምንት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚጠጣውን ሾርባ ስታማስል አርፍዳ፣ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ጸጉሯ ላይ የቆቡ ላስቲክ ምልክት እንዳለ ነው የመጣችው። ማመልከቻውን፣ ሁለቱን የቤተሰብ መዝገብ ግልባጮችና ቴምብሩን አንድ ላይ በመስኮቱ አሳለፈች። ከባሏ ከተፋታች ዓመት ሊሞላት ነው። እሷ ወደ አባቷ ቤት ስም፣ ወደ ኩሳካ ተመልሳለች። ልጇ ሺሆ ግን አሳዳጊዋ እናቷ ሆና ሳለ በአባቷ መዝገብ ላይ እንደሰፈረች ቀርታለች፤ ስሟም እስካሁን፣ የቤት ስም በሚቀድምበት መዝገብ፣ ኢናባ ሺሆ ነው። ይህን ለማስቀየር የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ምንም እንዳይጎድል አድርጋ ነበር የመጣችው። መንግሥት መሥሪያ ቤት ደርሶ «ይህ ቀርቷል» ተብሎ መመለስ ምን እንደሚመስል በዚህ አንድ ዓመት ጠግባዋለች።

ጸሐፊው ሞሪዋኪ ጡረታ የተቃረቡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና የልጅቷ የትውልድ ቀን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ልጅዎ ባለፈው ዐርብ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል።»

«አዎ። ኬክ ቆርሰናል።»

«እንኳን አደረሳችሁ። እንግዲያው ይህ ማመልከቻ የእርስዎ አይደለም።»

«እናቷ ነኝ እኮ። አሳዳጊዋም እኔ መሆኔ መዝገቡ ላይ ተጽፏል።»

«ተጽፏል። አሥራ አምስት ሳይሞላት ቢመጡ ኖሮ በእሷ ፈንታ እርስዎ ያመለክቱ ነበር። አሁን ግን አመልካቿ ራሷ ናት።»

«ሦስት ቀን ነው ያለፈው!»

«ሦስት ቀን ነው» አሉ ሞሪዋኪ። የማሾፍ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም ያዘኑላት ይመስላሉ። አዲስ ባዶ ቅጽ አውጥተው ሰጧት። «ምክንያቱም የራሷ መሆን አለበት። የፈለጉ ቀን አብረው ይምጡ፤ ይህ ቀነ ገደብ የለውም።»

ቀነ ገደብስ ነበረው፤ የቺዙሩ የልብ ቀነ ገደብ። በሚያዝያ መጀመሪያ ሺሆ ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። አዲስ ትምህርት ቤት፣ ማንም የማያውቃት ክፍል። ከመጀመሪያው ቀን ኩሳካ ሺሆ ተብላ ብትጠራ ማን ምን ይጠይቃል? ያ ስም ከቤቷ ተጠራርጎ እንዲወጣላት ነበር የምትፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ማመልከቻውን የሞላችው በጥር ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ለመግቢያ ፈተና እያጠናች ስለነበር ሐሳቧ እንዳይበተን ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጉንፋን ማእድ ቤቱ ገባና ሁለት ሠራተኛ አስተኛ፤ የእነሱን ድርሻም እሷ ሠራች። ፈተናው ካለፈ በኋላ ስትነሣ ልጅ ሆዬ አሥራ አምስት ሞልቷታል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ልጅቷን አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። አልቆ ደቅቆ ሲመጣ እነግራታለሁ ብላ ነበር። እናት ስትደክም እንዲህ ነው፤ መጠየቅም ሥራ ይሆንባታል።

ማታ እራት ላይ ከትናንት የተረፈውን ካሪ በሩዝ አቅርባ፣ ባዶውን ቅጽ ከአሮጌው ጋር ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች።

«ይኼን ሙዪው» አለች። «የኔን አይተሽ ገልብጪው። ፍርድ ቤቱ የአንቺ እጅ ነው የሚያስፈልገው አለ።»

ሺሆ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንዳደረገች አነበበች። እናቷ በአሮጌው ቅጽ ላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች «ከእናት ጋር አብሮ በመኖር ላይ የሚደርስ ችግር» የሚለውን አክብባ፣ ከሥሩ በጥሩ ጽሕፈት ደርድራዋለች፦ ክሊኒክ የስማችንን መለያየት አይቶ ዝምድናችንን ይጠይቃል፤ ፖስተኛው የማንን ደብዳቤ የት እንደሚከት ይቸገራል፤ የወላጆች ስብሰባ ላይ አሁንም ወይዘሮ ኢናባ ይሉኛል።

«እማ፣ ይኼ ሁሉ የአንቺ ነው። የኔ የቱ ጋ ነው?»

«የኔና የአንቺ አለው እንዴ?»

«እኔ ክሊኒክ ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ሺሆ ሁለቱን የመዝገብ ግልባጮች ጎትታ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። በአንዱ ላይ አባቷ ኢናባ ዮሺኖሪ፣ ከእሱ ቀጥሎ «ተሰርዛ ወጥታለች» የሚል ማስታወሻ ያለባት ቺዙሩ፣ ከዚያ ሺሆ። በሌላው ላይ ኩሳካ ቺዙሩ፣ ከእሷ በታች ነጭ ወረቀት።

«እዚህ ብቻሽን ነሽ» አለች ልጅቷ።

«ለዚህ ነዋ የምልሽ።»

«እኔ ወደዚህ ከመጣሁ ደግሞ አባዬ እዚያ ብቻውን ይሆናል።»

«ያኔ ጥሎን ሲሄድ አስቦበት ነበር? ለእሷ ብሎ የተወን ያቺ ሴትዮም ጥላው ሄደች። ደግሞ ይኼ ወረቀት ነው ሺሆ፤ ሰው ወረቀት ላይ አይኖርም።»

«ወረቀት ከሆነ ምን አስለፋሽ? ለዚህ ወረቀት ስንት ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድሽ?»

ሦስት ነበር። ቺዙሩ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ውኃው ዞረች። ተናዳለች፤ ደግሞ ለመናደድ እንኳ ጉልበት አልነበራት። ከኋላዋ ወረቀት ሲታጠፍ ሰማች፤ ዞራ ብታይ ሺሆ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ስለ ቅጹ ማንም ትንፍሽ አላለም። ቺዙሩ ነገሩን ማንሣት ፈራች። ማእድ ቤት ውስጥ አብራት ካሮት የምትከትፈው ሂሩማ፣ ዕድሜዋ የገፋ አፈኛ ሴት፣ ነገሩን ከሰማች ወዲህ አልለቀቃትም ነበር።

«እሺ፣ አለቃሽ ፈረመችልሽ?» ትላታለች፤ ሺሆን ማለቷ ነው።

«ተዪኝ እስቲ ሂሩማ።»

«እኔ ከተፋታሁ ሠላሳ ዓመቴ። ያን ጊዜ ልጆቼን እንደ ሻንጣ አንጠልጥዬ ሄጄ ነው ያስቀየርኩት፤ ማንም አልጠየቃቸው። እስካሁን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸው።» ካሮቱን ጥቂት ከተፈች። «ባይጠይቁኝ ይሻለኛል።»

የመለስተኛ ደረጃ ምረቃው አለፈ። በማግስቱ ሺሆ ቁርስ ላይ፣ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች፣ «ነገ ፈቃድ ውሰጂ፤ ፍርድ ቤት እንሂድ» አለች።

ቺዙሩ ደስ አላት። ደስታው ግን እንደጠበቀችው አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ መሬት ያስቀመጠ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነበር። «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ብላ ልትጠይቃት አሰበችና ተወችው። አንዱን ቁጥር አክብባለች፣ በቃ፣ ምን ቀረ።

«ለአባዬ ደወልኩለት» አለች ሺሆ።

«ምን አለ?»

«‹እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ› አለኝ። ከዚያ እሑድ ስላጠመደው ዓሣ አወራኝ። ራሱ ጠብሶ በላው። ጎረቤቶቹንም ጠርቷቸው ነበር።»

በማግስቱ ሞሪዋኪ ሁለቱንም አዩና ለሺሆ ጎንበስ አሉ። «አመልካቿ እርስዎ ነዎት?»

እርስዎ ተብላ የማታውቀው ልጅ ወደ ኋላዋ ዘወር አለች፤ ሌላ ሰው የለም። «አዎ» አለች።

«እናትዎ እዚህ አጠገብዎ ቢሆኑ ይቸገራሉ?»

«አልቸገርም።»

ቺዙሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚህ ክፍል ውስጥ ቃሏ የማይጠየቅ ሰው እሷ መሆኗ ገባት። ሞሪዋኪ የትውልድ ቀኑን፣ የፍቺውን ቀን፣ ኢናባ ወደ ኩሳካ የሚለውን በየተራ አዩ። ሁሉም ልክ ነው።

«አንድ ነገር መጠየቅ እችላለሁ?» አለች ሺሆ። «ከተቀየረ በኋላ መመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶዎት አካለ መጠን ሲደርሱ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘጋጃ ቤት አስታውቀው ወደ ቀድሞው ስም መመለስ ይችላሉ።»

«እሺ» አለች፤ በልቧ የያዘችው መሰለ። ቺዙሩ ጉልበቷን አፍጥጣ አየች።

ጸሐፊው ገጹን ገለበጡ። ከተዘረዘሩት የማመልከቻ ምክንያቶች ውስጥ «ሌላ» የሚለው ነው የተከበበው። ከሥሩ ያለውን አንዴ አነበቡ፤ እንደገናም አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አዙረው ልጅቷ ፊት አደረጉት።

«ይህ የራስዎ ቃል ነው? ማንም እንዲህ ጻፊ አላለዎትም?»

«የራሴ ነው።»

ወረቀቱ መስኮቱ ላይ ተዘርግቷል። ቺዙሩ አንገቷን ሳታሰግግ ታየዋለች። በሺሆ ጠንካራ፣ ከመስመር ወጣ ወጣ በሚል ጽሕፈት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ያለው፦

አባቴ ብቻውን መኖር ይችላል። እናቴ አትችልም።

ቺዙሩ ፊቷ ጋለ። ጥሎ የሄደው እሱ አይደለም እንዴ? ሌሊት ተነሥታ ሥራ የምትሄደው፣ ኪራዩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሁሉን በአንድ ጫንቃ ተሸክማ እዚህ ያደረሰችው ማን ሆነና ነው? አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት።

«እችላለሁ» አለች። «ሺሆ፣ እኔ እችላለሁ። ለኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው፤ ይቅር።» ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ይቅር፤ እንመለሳለን።»

ሞሪዋኪ በትሕትና አንገታቸውን ደፉ። «ወይዘሮ ኩሳካ፣ ይቅር ማለት የሚችሉት አመልካቿ ናቸው።»

ሁለቱም ሺሆን ተመለከቷት። ልጅቷ እጇን ኪሷ ከትታ አንድ ትንሽ፣ በፊርማ ፈንታ የሚመታ ማኅተም አወጣች፤ ከትናንት በስቲያ መምህሯ ለተመራቂው ሁሉ በየስሙ አስቀርጾ ያደለው፣ ገና ቀለም ያልነካው፣ ኢናባ የሚል። አሁን የምታመለክትበት ስም ይኸው ነው፤ ሌላ ስም ገና የላትም። ቀዩን ቀለም አስነካችው።

«እንደምትችዪ አውቃለሁ እማ» አለች ቀና ሳትል። «ዝም በይ አሁን፤ ይጣመምብኛል።»

ቀጥ አድርጋ ተጫነችው፤ ስታነሣው ስሙ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሞሪዋኪ ወረቀቱን ወሰዱ፤ ዳኛው እስኪያዩት ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ እንዲጠብቁ፣ ምናልባት ዛሬውኑ ሊያልቅ እንደሚችል ነገሯቸው።

አግዳሚው ላይ ማሞቂያው ሞቅ አድርጓቸው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቺዙሩ ልትቆጣት፣ ልታቅፋት፣ ይቅርታ ልትጠይቃትም ፈልጋ አንዱንም አላደረገችም፤ ደክሟታል። ዓመቱን ሙሉ ያን ስም ከቤቷ ለማስወጣት ስትለፋ፣ ከጎኗ አንዲት ልጅ ለካስ የእሷን ድካም እየቆጠረች አድጋለች። ብቻዋን መኖር ትችል እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ የሚሰማት ሰው ስላልነበረ አልዋሸችም። አትችልም ነበር። ጭንቅላቷን ቀስ ብላ የልጇ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ሺሆም እንዳይወድቅባት ትንሽ ጠጋ አለችላት።