ለንሳ ለምትሰብረው

ኦቦ ሂርጳ አምቦ ላይ ሠላሳ ዓመት ቁምሳጥን ሲሠሩ አንድም ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍረው አያውቁም። ዓይናቸው ሜትራቸው ነው፤ ደግሞም ይኮሩበታል። ረዳታቸው ለንሳ፣ ከሙያ ማሠልጠኛ ገና የወጣችው፣ የጤና ኬላውን የመድኃኒት ቁምሳጥን ዕቃ በዝርዝር ጽፋ ብታመጣላቸው ፊታቸው ጨፈገገ።

ቁምሳጥኑ ተቆርጦ፣ ሳይገጠም ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ከካቺሲ ከተማ ወዲያ ይሄዳል። እዚያ ሱቅ የለም። የጎደለ ነገር ጎደለ ማለት ነው።

«ጎን፦ 70 በ25 ሳንቲም፣ ሁለት» ብለው አነበቡ። «ላይ፣ ታችና መደርደሪያ፦ 41.4 በ25፣ አራት። ስፋቱ 45 አይደለም እንዴ?»

«ሁለቱ ጎኖች 1.8፣ 1.8 ይወስዱብናል፣ ኦቦ ሂርጳ።»

ሊያጠምዷት ነበር የጠየቁት። መልሷን ሰምተው በዝርዝሩ ወደ ታች ወረዱ። በር 69.6 በ44.6፣ አንድ። ጀርባ፣ ስስ ኮምፔርሳቶ፣ 70 በ45፣ አንድ። ረጅም ብሎን 24፣ መጠባበቂያ 3። የማጠፊያ ብሎን 12፣ መጠባበቂያ 3። ቁልፍ አንድ፣ እጀታ አንድ። ማጠፊያ 2፣ መጠባበቂያ 1።

እዚህ ላይ ቱግ አሉ። «በሩ አንድ፣ ማጠፊያው ሁለት! ሦስተኛው ለማን ነው? መጠባበቂያ የሚይዝ አበላሻለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ነው!» እርሳሷን ነጥቀው ከአጠገቡ «ለንሳ ለምትሰብረው» ብለው ጻፉበት። «አንድ ነገር ቢጎድል ዝርዝር የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ይወጣል። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደ እኔ በዓይንሽ ትለኪያለሽ።»

ለንሳ ዝርዝሩን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። አንድ መስመርም አልሰረዘችም።

ጤና ኬላው ሲደርሱ ነርሷ ጊፍቲ መድኃኒቱን በካርቶን አድርጋ ጠበቀቻቸው። በማግስቱ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ መድኃኒት ተቆልፎበት ካልተገኘ ወቀሳው የእሷ ነው። ለንሳ ሳንቃዎቹን አቁማ ብሎን አጠበቀች፤ አራቱም አግድም ሳንቃዎች በጎኖቹ መሃል ልክ ገቡ። ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

በሩን መግጠም የአሠሪዋ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ማጠፊያ አልቀመጥ ቢላቸው ኦቦ ሂርጳ በመዶሻ ነካ አደረጉት። ክንፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ጊፍቲ በድንጋጤ አፏን ያዘች። ኦቦ ሂርጳ የተሰበረውን ብረት በመዳፋቸው አገላበጡ፤ ላብ በግንባራቸው ወረደ። ለንሳ ከቦርሳዋ ሦስተኛውን ማጠፊያ አውጥታ አቀበለቻቸው። አዘነችላቸው።

በሩ ተገጠመ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ጊፍቲ እልል አለች።

ኦቦ ሂርጳ ዝርዝሩን ጠየቁ። ከበሩ ላይ አስደግፈው፣ ምላሳቸውን ነክሰው ጻፉበትና መለሱላት። «እንዳትጥዪው፤ የሚቀጥለውን ሥራ በእሱ ነው የምንጀምረው።»

ለንሳ አየችው። «ለንሳ ለምትሰብረው» የሚለው በሁለት መስመር ተሰርዟል። ከበላዩ ተጽፏል፦ «ሂርጳ ለሰበረው»።