ፍየሏ ጎሊናን አትሻገርም

ጀዊሪያ ልጇን የሰጠችው ለባዕድ አይደለም፤ ለእናቷ ልጅ ነው። የቆቦ ሰውም ያጽናናት በዚሁ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ሲሰጥ ማጽናናት ቀላል ነው።

ባሏ የዋጃ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት ልጇ ኡሙሃኒ ገና ጡት መተዋ ነበር። የጀዊሪያ ታላቅ እህት ፈሪሀ ከእንግሊዝ አገር ለለቅሶ መጣች። እሷ መውለድ አልሆነላትም። «እስክትቋቋሚ ላሳድግልሽ» አለች። ጀዊሪያ ልጇን እንዳቀፈች «አደራ» አለቻት። ፈሪሀም «ወላሂ፣ አደራሽን ተቀብያለሁ» ብላ ማለች። ፍርድ ቤት ግን አደራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ጉዲፈቻን ነው። ተፈረመ። አሁን ኡሙሃኒ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። እዚያ «ሃኒ» ነው የሚሏት። ፈሪሀን «ማሚ» ትላለች፤ ጀዊሪያን በስልክ ስታያት ደግሞ «አክስቴ»፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ታዲያ አንድ ቀን ፈሪሀ ደወለች። የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት በማታ ፈረቃ ነው፤ ልጅቷን የሚያስተኛት አልጄሪያዊው ባሏ ዘካሪያስ ነው።

«አባባ ይነግረን የነበረውን የፍየሏን ተረት በእንግሊዝኛ ገልብጭልኝ። ዘካሪያስ አማርኛ አያውቅምና፣ እንዲገባው ከግርጌ ቃላቱን አብራሪለት» አለቻት።

ጀዊሪያ ቆቦ ውስጥ እንግሊዝኛ የምታስተምር መምህርት ናት። በሕይወቷ እንዲህ ልቧ የዘለለበት ሥራ መጥቶላት አያውቅም።

ተረቱ አጭር ነው። ቡሬ የምትባል ፍየል በድርቅ ጊዜ ግልገሏን ከጎሊና ወንዝ ማዶ፣ ሣር ለሞላላት በግ አደራ ትሰጣለች። ዝናብ ሲመጣ ወንዙን ተሻግራ ትወስዳታለች። አለቀ። የራያ ልጅ ሁሉ ይህን እየሰማ ተኝቷል።

መገልበጡ ግን እንዲህ አጭር አልነበረም። እንግሊዝኛ እንስሳን እንደ ዕቃ ይጠራል፤ ጀዊሪያ ፍየሏንም በጓንም «እሷ» አለቻቸው። አባቷ ግሡን እስከ መጨረሻ ይዞ፣ «ወንዙን፣ ያንን ድንጋይ የሚያንከባልል ደራሽ ወንዝ፣ ቡሬ...» ብሎ ትንፋሽ ያስውጥና ነበር «ተሻገረች» የሚለው። በእንግሊዝኛ ግሡ ቀድሞ እየመጣ ምሥጢሩን ያወጣዋል። ስለዚህ ሰባበረችው፦ ውሃውን አየች። ቆመች። አንድ እግሯን አስገባች። ተሻገረች። ጮክ ብላ እያነበበች፣ በአንድ ትንፋሽ የማያልቀውን ሁሉ ቆረጠችው። ልጅ አብሮ እንዲል፣ «ግልገሌ፣ መጣሁልሽ» የሚለውን ሦስት ቦታ በአማርኛው ተወችው።

የግርጌውን ለዘካሪያስ ጻፈች። ከማንበብህ በፊት «ተረቴ በር ላይ ናት» በል፤ ልጅቷ «ትግባ!» እስክትል ዝም በል፣ ዝምታው የተረቱ ነው። ማሽላ፦ ከአንተ ቁመት የሚበልጥ እህል፤ ስትለው እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ። ጎሊና፦ ወንዝ ነው፣ በጋ አሸዋ፣ ክረምት ጎርፍ። «ቆቦ» የሚለውን ስም እንደኛ ከጉሮሮህ ማውጣት ካቃተህ እንደሆነልህ በል፤ ማንም አይቀየምም። አደራ የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። እንግሊዝኛው ለዚህ ቃል ሙሉ ልብስ የለውም፤ አንዱ እጅጌ ያጥረዋል፣ ሌላው አንገቱን ያንቀዋል። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «አደራ፦ ሌላ ሰው እንዲጠብቅልህ የምትሰጠው፣ ያንተነቱ ግን የማይቀር ነገር። ባለቤቱ ሲመጣ ይመለሳል።»

ይህን ስትጽፍ ለዘካሪያስ ብቻ እየጻፈች አልነበረም። ታውቀዋለች፤ ደስም አላት።

ተረቱን በላከች በሦስተኛው ቀን ጧት ስልኳ ጮኸ፤ ፈሪሀ ናት።

«ምነው ጀዊሪያ? ምን በደልኩሽ?»

«ምን ሆንሽ?»

«ልጅቱ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም! ዘካሪያስ አንብቦላት ሲጨርስ፣ ‹በጓ ለምን ዝም አለች? ልጇን ሲወስዱባት ለምን አትጮኽም?› ትለዋለች። የግርጌውን አነበበላት። ከዚያማ በሩ ላይ ወንበር አስደገፈች። ‹ፍየሏ እኛም ቤት ትመጣለች?› አለች። መሃላችን ነው ያደረች፣ እየተንቀጠቀጠች።»

ያቺ ፍየል ስትመለስ ጀዊሪያና ፈሪሀ በልጅነታቸው እልል ይሉ ነበር። ወንዙን የሚሻገረው ሌባ ነው ብሎ የሚፈራ ልጅ ይኖራል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

«አስተካክይው» አለች ፈሪሀ። «ፍየሏ አትውሰዳት። አደራ የምትለዋንም ቃል አውጫት።»

«ተረቱ የአባባ ነው። ስትወስዳት ነው የሚያልቀው።»

«አባባ አላህ ይርሃመው ሞቷል። ልጅቱ ናት ያለችው።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለች ጀዊሪያ። «ምለሽ አልነበር? አደራ በላ!»

ፈሪሀ ስትመልስ ቁጣው ከድምጿ ወጥቶ ነበር፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

«እሽ፣ በላሁ። አሁን ምን ላርግ፣ ልትፋት? ትኩሳት ሲይዛት እኔን ነው የምትጠራው። ወላሂ ልነግራት ስንቴ አፌን ከፍቻለሁ፤ ዓይኗን ሳይ እዘጋለሁ። ነይና አንች ንገሪያት፤ ከወንበሩ ጀርባ ስትንቀጠቀጥ አንች እያት።»

ጀዊሪያ ስልኩን ዘጋችው። አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ እህቷንም ሟች ባሏንም ያንን መኪናም ረገመች። ማንን ትክሰስ? ብትፈርም የፈረመችው እሷ ናት፤ ልጅቷን ብታስፈራ ያስፈራቻት እሷ ናት። ስትጨርስ ፊቷን ታጠበችና ተረቱን ዘረጋችው፤ የመኝታ ተረት ልጅ ካላስተኛ ሥራውን አልሠራም፣ ተማሪዎቿ እንዲህ ያለ ቢያመጡላት በቀይ ትሰርዘው ነበር።

ውሃውን አየች። ቆመች። እዚህ ድረስ ተወችው። «አንድ እግሯን አስገባች» የሚለውን ሰረዘች። «ተሻገረች» የሚለውን ሰረዘች። በምትካቸው፣ ዝናቡ በወንዙ ወዲህም ወዲያም ዘነበ፤ ቡሬ ከዳር ሆና አዜመች፤ ግልገሏ ከበጓ ጎን ተኛች። «መጣሁልሽ» የሚለውም ሊቀር ግድ ሆነ፤ ያልመጣ ሰው መጣሁ አይልም። «ግልገሌ፣ ደህና እደሪ» ብላ ለወጠችው። አደራን ከግርጌው አወጣቻት፤ ቡሬ ግልገሏን የምትሰጥበትንም መጀመሪያ ቆረጠችው።

ፈሪሀ አነበበችውና በጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ላከች፦ «ከማዶ የምታዜመው ማን ናት ብላ ብትጠይቀውስ? ዘካሪያስ እንዳይደናገር ማብራሪያ ጨምሪበት።»

ጥያቄው ትክክል ነበር። የግርጌ ማብራሪያ የሚጻፈው አንባቢው መሃል ላይ ቆሞ እንዳይንተባተብ ነው፤ አጭር መሆን አለበት፣ ልጅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ እንዳይወልድበት። ጀዊሪያ በራሷ እጅ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ ጻፈችው፦ «ቡሬ፦ የግልገሏ አክስት። ሩቅ ትኖራለች። ትወዳታለች።»

በማግሥቱ የመጣው የኡሙሃኒ የድምፅ መልእክት ነበር። ጀዊሪያ ከትምህርት ቤት ቅጥር ወጥታ፣ ባጃጆቹ የማይረብሹበት ግንብ ሥር ቆማ ከፈተችው። «አክስቴ ጀዊሪያ፣ ተረቱ ደስ ይላል። ዳዲ ማሽላ ሲል ኮርኒሱን ነካው። አሁን ፍየሏን አልፈራትም፣ ማዶ ናት። ግን ሁልጊዜ እዚያው ትቆያለች? ቃል ትገቢልኛለሽ?»

ጀዊሪያ ደግማ ሰማችው። ልጅ ቃል ሲጠይቅ ዝም አይባልም። በጽሑፍ መለሰች፦ «አዎ ሃኒ፣ ሁልጊዜ። አክስትሽ ቃል ገብታልሻለች።»