ጠዋት የማያውቀው መስኮት

ፋሩቅ ፀሐይን እንደ ወንበር አንስቶ ወደ ፈለገው ማዞር የሚቻል ይመስለዋል። በሻይማ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ይቻላል። ሰሜንን የሚያሳየውን ቀስት ይዞ ዞር ማድረግ ነው፤ ማታ ማታ በመስኮቱ ስትጠልቅ የነበረችው ፀሐይ በዚያው መስኮት በማለዳ ብቅ ትላለች። ሻይማ ግን ቀስቱን አልነካም ብላለች። አልነካም ካለች ደግሞ አልነካም ነው።

ፋሩቅ የመን፣ ኤደን ከተማ ውስጥ አሮጌ አፓርታማ የሚያድስ ድርጅት አለው። ሻይማ የእሱ ሠራተኛ ናት፤ ኩሽናው ገና ሳይሠራ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ትሥላለች። ለአዲሱ ብሮሸር አንድ ጠባብ የእውነት ኩሽና ሲፈለግ የተመረጠው የእናቷ የዐሊያ ኩሽና ነበር፤ መዓላ ሰፈር፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከእንግሊዞች ዘመን ጀምሮ የቆመ ሕንፃ። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ ብሮሸሩ ላይ የወጣው ሥዕል ምን ዓይነት ካቢኔት ካሳየ፣ የዐሊያ ግድግዳ ላይም ያው ይገጠማል። ስለዚህ ለሻይማ ይህ ሥዕል ሥዕል ብቻ አልነበረም። እናቷ ቀሪ ዕድሜዋን ፊት ለፊቷ የምታየው ነገር ነው።

ሥራውን የያዘችው እንደ ወጉ ነበር። የካቢኔት በር ናሙናዎችን ይዛ ሄዳ፣ እናቷ በምታበስልበት ሰዓት፣ ከምድጃው በላይ አቁማ፣ ግራጫ ካርድ አጠገባቸው አድርጋ ፎቶ አነሳች። ካርዱ ባይኖር የማታዋ ፀሐይ ቀለሙን ሁሉ ቢጫ ስለምታደርግ የበሩን ቀለም ከፀሐይዋ መለየት አይቻልም። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ የከተማውን ቦታ፣ ወሩንና ሰዓቱን አስገብታ ሥዕሉ ከፎቶው ጋር እስኪገጥም የበሩን ልስላሴ ትንሽ በትንሽ አስተካከለች። የማያብለጨልጨው፣ ማት የሚሉት የወይራ ቀለም፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ዝም አለ። ነጩ አንጸባራቂ ግን ፀሐይዋን እንዳለች ተቀብሎ፣ እንዳለች ምድጃው ፊት በቆመው ሰው ዓይን ላይ መለሳት። የዐሊያ ዓይን ደግሞ ሞራ የተገፈፈለት፣ ብልጭታ የሚያስለቅሰው ዓይን ነው።

"ማት ነው" ብላ የማታውን ሥዕል ላከች።

ፋሩቅ ግን መጋዘኑ በነጭ አንጸባራቂ በር ተጨናንቋል። "ያ ሻይማ" አላት፣ "ሰው ብሮሸር የሚገልጠው መስኮቱ በየት በኩል እንደዞረ ሊመረምር አይደለም። ጠዋት ስጪኝ! ነጭ፣ የሚያበራ፣ ወርቃማ ጠዋት። ኸላስ፣ አለቀ!"

"መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ኡስታዝ። ያ ኩሽና ጠዋት ፀሐይ አይቶ አያውቅም።"

"አሁን ያያል።"

እና ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሻይማ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀስቱን ራሱ አዞረው። ይህ ሳያንሰው ሥዕሉን በዋትስአፕ ለእናቷ ላከ።

እዚህ ላይ ሻይማ ያላሰበችው ነገር መጣ። እናቷ በሥዕሉ ፍቅር ወደቀች። ስልኳን ለጎረቤት አሳየች፣ ለእህቷ አሳየች፣ ለሻይማም ራሷ እንዳልሠራችው ሁሉ አሳየቻት። እውነትም ያምራል፤ ቅባት የጠገበው ግድግዳ ጠፍቶ፣ በነጩ በር ላይ የጠዋት ፀሐይ ተንጣልላለች።

"ማሻአላህ! ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ቁርስ የሠራሁት በጨለማ ነው" አለች ዐሊያ። "ከህርባው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ባለ ቀን በአምፖል፣ በሌለ ቀን በሻማ። አሁን አንድ ሰው ጠዋት ቢሰጠኝ አንቺን ምን አነቀሽ?"

ሻይማ ተናደደች። እናቷን ከሥዕል ላይ ፀሐይ መንጠቅ ጭካኔ መሰላት። ቢሆንም ከአቋሟ አልተመለሰችም።

"ማማ፣ የሰጠሽ ሥዕሉን ነው እንጂ ጠዋቱን አይደለም። የሚያመጡልሽ በሩን ብቻ ነው።"

"ቅናት ይዞሻል" አለች እናቷ፣ ፊቷን አዙራ። "ፋሩቅን ሻይ ጠርቼዋለሁ። እዚያው ፊት ለፊት እሺ እለዋለሁ።"

"ጥሪው። ግን ከዐስር ሶላት በኋላ ይምጣ፤ ዘግይቶም አይምጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረስ።"

ፋሩቅ በሰዓቱ መጣ፤ ሽቶ ተቀብቶ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ። ሻይማም ከመጋዘን አንድ ነጭ አንጸባራቂ በር አስመጥታ ከምድጃው በላይ አስደግፋው ነበር። 

"ኻላ ዐሊያ፣ አክስቴ፣ በትልቁ እዪው እንጂ በስልክማ ምን ይታያል" ብሎ ላፕቶፑን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ከፈተ። ስክሪኑ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ፋሩቅ ጎንበስ አለ። የታየው የራሱ ፊትና የመስኮቱ ፍሬም ብቻ ነው። ብርሃኑን ጨመረ፣ በእጁ ከለለ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። ያ ወርቃማ ጠዋት የለም፤ እውነተኛዋ ፀሐይ ከጀርባው ገብታ ድራሹን አጥፍታዋለች።

ተናዶ ቀና ሲል ደግሞ ነጩ በር ጠበቀው። ብልጭታው ዓይኑን መታውና እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ ወደ ኋላ ሸሸ፤ የቀረበለት ሻይ ተደፋ።

ዐሊያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቶሎ ዋጠችው፤ እሱ የቆመበት ቦታ የእሷ መቆሚያ ነው። ሄዳ ቆመችበት። ዓይኗ ወዲያው እንባ አቀረረ። ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጎተተች፣ አልረዳትም።

"ሻይማ" አለች፣ ሳትዞር፣ "ያንቺን አምጪው።"

ሻይማ በወረቀት ያተመችውን የማታ ሥዕል ዘረጋች። በዚያችው ፀሐይ ስር ጥርት ብሎ ታየ፤ የወይራው በር፣ ረጅሙ የማታ ጥላ፣ ምድጃው።

"ኻላ፣ ማታ አይሸጥም" አለ ፋሩቅ። ድምፁ ጠንክሯል። "ጠዋት ካልሆነ ኩሽናም የለም። ሥራውም፣ ሻይማ፣ አስቢበት።"

"አስቤበታለሁ። ያን ጠዋት ካተምከው መስኮቱን ከውስጡ አውጣው፤ የእናቴ ነው። ሌላ ቀስት የሚያዞርልህም ፈልግ፤ እኔ ምን ቆርጦኝ!"

"የእኔም ካቢኔት አሮጌ ቢሆንም ዓይኔን አይወጋም" አለች ዐሊያ። "ጠዋት የሚሰጠኝ አላህ ነው፣ ልጄ ፋሩቅ። አንተ በር ነጋዴ ነህ። ሻይህን ጠጥተህ ሂድ።"

የተረፈውን ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። እናትና ልጅ ምድጃው ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ። ሻይማ ሥራዋን እንዳጣች ቆጥራዋለች፤ ፈርታም ነበር፣ ግን በተናገረችው በአንዱም ቃል አልተጸጸተችም።

ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ገጣሚዎች በፕላስቲክ የታሸጉ በሮች ተሸክመው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። አለቃቸው ዐማር፣ "ፋሩቅ ልኮን ነው። ሥዕሉም ማተሚያ ቤት ገብቷል" አለ።

"የትኛው ሥዕል?" አለች ሻይማ።

"እኔ በር ገጣሚ ነኝ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። ሥዕል አላየሁም።"

ሻይማ ፕላስቲኩን ልትቀድ እጇን ስትዘረጋ ዐሊያ የቤቱ በር ላይ ቆማ ከለከለቻት፤ ለጠዋት ስትል ከልጇ ጋር የተኳረፈችው ያችው ዐሊያ።

"ጠዋት ሁሉም በር ያምራል" አለች። "ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሻይ አመጣላችኋለሁ።"

"እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ ኻላ?"

"ፀሐዬ እስክትመጣ።"

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ምሳቸውንም እዚያው በሉ፤ ዐሊያ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ከዐስር ሶላት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ አንዱን በር አስፈትታ ከምድጃው በላይ አስያዘቻቸው፣ ከፊቱም ቆማ ዓይኗን ገለጠች። የወይራው በር ፀሐይዋን ተቀብሎ ዝም አለ። ማተሚያ ቤት የገባው የማታው ሥዕል መሆኑ ለሻይማ ያኔ ገባት።

ዐሊያም ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ አነሳች።

"አሁን ግጠሙት" አለች።