ሳል ያለበትና ሳል የሌለበት

ጥር 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ህሊና «አባዬ፣ ጉሮሮዬ» አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነበር። ድምፅዋ ሻክሯል። ወንድሟን ቃለአብን ከቀበርነው ገና አራት ወሩ ነበር።

የቃለአብም በጉሮሮ ነው የጀመረው። ሰባት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ድንገት አተኮሰውና መዋጥ አቃተው። እኔ «እንጥሉ ወርዷል» አልኩና እዚሁ ሱዳን፣ ዴም ሰፈር፣ ያረጋል የሚባል እንጥል ቆራጭ ቤት ወሰድኩት። ቆረጠው። በሳምንቱ ጉሮሮው ሲሻለው ያረጋልን ቤቱ ድረስ ሄጄ አመሰገንኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የልጄ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እየተቀያየረ ማበጥ ጀመረ፤ ከዚያ ልቡ ታመመ። ሐኪሞቹ የጉሮሮው ባክቴሪያ ሳይታከም ቀርቶ ነው አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ፔኒሲሊን ተወጋ። የልቡ በር ግን ቀድሞ ተበላሽቶ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ሞተ።

ስለዚህ ህሊናን በሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ይዤ ጀብራ ሰፈር፣ ሲስተር ይመኙሻል የሚሠሩበት ክሊኒክ በረርኩ። ባለቤቴ ጸሐይወርቅም አብራን ነበረች። የቃለአብን መርፌ በየወሩ ይወጉት የነበሩት ሲስተር ናቸው።

«ሲስተር፣ መርፌውን ይውጉልኝ» አልኳቸው ገና ከበሩ።

«ቆይ እስቲ፣ ልጅቷን ልያት።» ባትሪ አብርተው ጉሮሮዋን አዩ፣ አንገቷን ከመንጋጋዋ ሥር በሁለት ጣት ዳሰሱ፣ ትኩሳቷን ለኩ። «ያስላታል?»

«ሌሊቱን ስታስል ነው ያደረችው» አለች ጸሐይወርቅ። «አፍንጫዋም ይፈሳል።»

«ዓይኗም ቀልቷል። ድምፅዋም ዘግቷል። ጉሮሮዋ ቀላ እንጂ መግል የለበትም፣ የአንገቷም እጢ አላበጠም። ካሣዬ፣ ይሄ ጉንፋን ነው። መርፌ አልወጋትም።»

ደሜ ፈላ። «አንዱን ቀብሬ ሁለተኛዋንም ልቅበር?»

«ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም! የገዛ ልጅዎ ብትሆን ይወጓት ነበር።»

«ልጄም ብትሆን አልወጋትም። መድኃኒቱ ባክቴሪያ ነው የሚገድለው፣ ይሄን አይነካውም። ትርፉ ተቅማጥና ሽፍታ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የቃለአብን አስታውስ። ያስለው ነበር?»

ወደ ጸሐይወርቅ ዞርኩ።

«አያስለውም ነበር» አለች ጸሐይወርቅ።

«ንፍጥ የለ፣ ሳል የለ» አሉ ሲስተር። « ድንገተኛ ትኩሳት፣ አንገቱ ሲነካ የሚያመው። መርፌው ለዚያ ነበር። በምልክት ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ብጠራጠር ከጉሮሮዋ በጥጥ ወስጄ ላብራቶሪ እልክ ነበር። ጊዜም አለን፤ ባክቴሪያው እንኳ ቢሆን በዘጠኝ ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከተጀመረ ልብን ይጠብቃል። አሁን ግን ፈሳሽ አጠጧት፣ አሳርፏት፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ስጧት። ሦስት ቀን ካተኮሳት ወይ ሳሉ ጠፍቶ ጉሮሮዋ ከባሰባት መልሳችሁ አምጧት። ምራቋን መዋጥ ካቃታት ወይ ትንፋሽ ካጠራት ግን ሰዓት አትዩ።»

አላመንኳቸውም። እነሱን ቤት አድርሼ ወደ ሰይደሊያው፣ ጥግ ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሱዳናዊው ሻጭ ስልኩን እያየ «ጉሮሮ? ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ አለና የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ አውጥቶ ሰጠኝ። ዕድሜዋን እንኳ አልጠየቀም። አንዷ ቢለመኑም አይሰጡም፣ አንዱ ሳያይ ይሰጣል። የቱን ልመን?

ቤት ስገባ ጸሐይወርቅ ህሊናን የተልባ ውሃ በማንኪያ ታጠጣታለች። ጠርሙሱን አየችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምን አገባሽ?»

«ሲስተር አይሆንም አላሉህም?»

«ሲስተር አምላክ ናቸው? ቢሳሳቱስ? ለምን እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ?»

«ቃለአብን ያረጋል ጋ ይዘኸው ስትወጣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው ብዬህ ነበር» አለች፣ ማንኪያውን ሳታስቀምጥ። «ያን ቀን ያላየው ሰው ቆረጠው። እሺ፣ ህሊና ዛሬ ታይታለች። አይተው የነገሩህን ሲስተር ትተህ ስልኩን ያየውን ሰው ትሰማለህ?»

እንደዚህ ብላኝ አታውቅም ነበር። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን በእኔ አላላከከችም።

ጠርሙሱን አልከፈትኩትም። ግን ተረጋጋሁ አልልም። ሦስት ቀን ሙሉ በየሰዓቱ ግንባሯን ስነካ፣ ጉልበቷን ስጫን፣ «ያምሻል?» ስላት ሰለቻትና «አባዬ፣ ተወኝ በቃ!» ብላ ጮኸችብኝ። በጸሐይወርቅ ተናደድኩ፣ በሲስተር ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ ቀላሉን ሕመም ከአደገኛው መለየት በማይችለው ዓይኔ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ትኩሳቱ ለቀቃት። እሑድ ቁርስ ጠየቀች። ሳሉ ግን ሁለት ሳምንት ቆየ።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ሳልም ንፍጥም ሳይኖራት በድንገት አተኮሳት፤ ጉሮሮዋ ነጭ መግል ያዘ፣ አንገቷ ሲነካ አመማት። በዚያው ቀን ሲስተር ይመኙሻል መርፌውን ወጓት።