ቡልቡላ ሐኪም አልነበረንም

ኑሰይባ ቡልቡላ ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርታ ጀርመን ሄደች። ለአንድ ሆስፒታል ሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ፣ ያስተረጎመችውን የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሆስፒታሉ ኃላፊ አንብበው ቀና አሉ።

«እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ወባም ሆነ የሳንባ ምች መርምሬ መድኃኒት አዝዝ ነበር። ሐኪም አልነበረንም» አለች ኮራ ብላ።

የኃላፊዋ ፊት ተለወጠ። «ነርስ መድኃኒት ታዛለች? ያለ ፈቃድ?»

ኑሰይባ ደነገጠች። የምትኮራበት ሥራ ጥፋት መስሎ ታየ።

«ፈቃድ አለኝ። በእኛ አገር ጤና ጣቢያ ነርስ በመመሪያው መሠረት ታክማለች፤ የጠናበትን ሆስፒታል እንልካለን።»

«ደብዳቤው ይህን አይልም። ‹ሠርታለች› ብቻ ነው የሚለው።»

እውነት ነው።

«ዲግሪዎን የሚያጸድቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉ ኃላፊዋ ለስለስ ብለው። «እስኪወስን በረዳትነት ልቅጠርዎ። መርፌ ግን መንካት አይችሉም።»

ተስማማች። ወጥታ የቀድሞ አለቃዋ አብተው ጋ ደወለች። «ጋሼ፣ የሠራሁትን አንድ በአንድ ይጻፉልኝ።»

ደብዳቤው ሳይደርስ ሥራ ጀመረች። አንዲት ወጣት ነርስ የአንድ ሽማግሌ ደም ሥር ፈልጋ ሦስቴ ስትስት፣ ኑሰይባ ጥጡን እንደያዘች ከጎኗ ቆመች።